ቆዳ ያላመጣው አርቢ

በሚያዝያ፣ በአሥር ቀን ውስጥ፣ አራት የላም ቆዳ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተወረወረ። ተወረወረ የምለው ስለተናደድኩ ነው እንጂ ሰዎቹስ ከቆላው ከሁምቦ ድረስ ተሸክመው አምጥተው በሁለት እጃቸው ነው ያስቀመጡት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሶዶ ገበያ አጠገብ አሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁበት የኪራይ ሱቅ ነበረኝ። የሙሽራ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ስትመለስ አይታችሁ ቢሆን፣ ምን እንዳናደደኝ አትጠይቁኝም ነበር።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ፤ ትርፍ ብር ካለሽ ላም ገዝተሽ ለርቢ ስጪ። ላሟ የአንቺ ናት፣ የሚያረባት ገበሬ ወተቷን ይጠጣል፣ ጥጃዋን ትካፈላላችሁ። ከሞተች ደግሞ አርቢው ቆዳዋን ከነጆሮዋ ያመጣል። የላሞቼ ጆሮ ላይ የኔ ምልክት አለ። ቆዳ ያላመጣ ሸጧል ማለት ነው። ይሄ ሕግ የትም አልተጻፈም፣ ግን የማያውቀው የለም።

አምስት ላም ነበረኝ፣ ከአምስት አርቢ ጋር። “ሁሉንም ለአንድ ሰው አትስጪ” ይል ነበር አባቴ። አንዱ ቢያታልልሽ፣ የአንዱ በረት በሽታ ቢገባው፣ አራቱ ይተርፉሻል። ደግሞም ሠርቷል። ካቻምና ቦልቴ ጋ የነበረችው ላም ገደል ገብታ ሞተች። ቦልቴ ቆዳዋን አመጣ፣ እኔም አዘንኩ፣ ከሌሎቹ ባገኘሁት ጥጃ ገንዘብ ሌላ ላም ገዝቼ ሰጠሁት። ወንድሜ ሀብተየስ ብድርና ቁጠባ ውስጥ ነው የሚሠራው። “ጣፌ፣ ይሄ እኮ ዳይቨርሲፊኬሽን ነው፣ አደጋን መበተን። እኛ ለደንበኛ የምናስተምረው አንቺ ሳትማሪ ሠራሽው” አለኝ። ቃሉን ወደድኩት። ልብስ ሊያሳጥር ለመጣ ሁሉ አወራሁት።

ዘንድሮ የሱቁ ባለቤት አቶ ብሩ የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚከፍል ሰው አገኘ። “እስከ ግንቦት መጨረሻ አንቺ ከከፈልሽ ያንቺ ነው፣ ካልሆነ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ” አለኝ። አልደነገጥኩም። ሦስት ላም ብሸጥ ይበቃኛል፣ ሁለት ይተርፈኛል ብዬ ቀሚሴን መስፋት ቀጠልኩ።

የበልጉ ዝናብ ቀረ። አርቢዎቹ ባሉበት ሁምቦ ሣር የሚባል ነገር ጠፋ። መጀመሪያ ቦልቴ መጣ፣ ቆዳ ይዞ። ከዚያ ጩማ። ሦስተኛውና አራተኛው በአንድ ቀን መጡ። ጆሮዎቹን አየሁ፣ ምልክቱ የኔው ነው። የምሰድበው ሰው አጣሁ፣ እሱ ነው የባሰ ያቃጠለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ቀን አምስተኛው አርቢ አንጁሎ መጣ። ባዶ እጁን ነው። ሀብተየስ ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

“ቆዳው የታለ?” አልኩት።

“ቆዳ የለም፣ እትዬ።”

በቃ፣ የምሰድበው ሰው አገኘሁ። ሌባ አልኩት። የእኔ ላሞች በረሃብ ሲያልቁ አንተ ጋ ያለችውን ቀድመህ ሸጠህ በላህ፣ አልኩት። የሃያ ዓመት አርቢያችን ነበር፣ አባቴ የመረጠው፣ በዕድሜም የሚበልጠኝ። ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሚዛናቸውን አስቀምጠው ዞሩ። ባጃጆች ቆሙ። አንጁሎ ባርኔጣውን አውልቆ እስክጨርስ ድረስ ቆመ።

“ላሙ አልሞተም” አለ። አንጁሎ ቤቱ የሚናገረው ወላይትኛ ነው፣ በአማርኛ ላሟንም በሬውንም እኩል ወንድ ያደርጋቸዋል። “ላሙ ዳሞታ ተራራ ላይ ነው ያለው። የሚስቴ ወንድም ቤት። ወልዷል።”

“ማን ፈቀደልህ?”

“ማንም። በጥር ደወልኩ፣ እርስዎ እምቢ አሉ። በየካቲት ሣሩ ሲያልቅ ዝም ብዬ ወሰድኩት።”

ትዝ አለኝ። ላስታውሰው ባልፈልግም። የጥምቀት ልብስ ደርሶብኝ፣ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ አፌ ውስጥ መርፌ ይዤ ነበር ያናገርኩት። እኔ ጋ ያለችውንና ቢያንስ ሌላ ሁለት ላም ተራራው ላይ እናውጣ፣ ታች ዝናብ ሲቀር ላይ አንዳንዴ ይጥላል፣ የእንሰት ቅጠልም አለ፣ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ “ዳሞታ ማን ይወጣልሃል? ሁምቦ ሚኒባስ አለ፣ አምስቱንም በአንድ ቀን አይቼ እመለሳለሁ። አንተ ላሟን አርባልኝ እንጂ ምክር አልጠየቅሁህም” አልኩት። አምስቱንም በአንድ ቀን። በዚያ እኮራ ነበር።

ሀብተየስ ጉሮሮውን ጠረገ። “አምስት ሰው ነበር እንጂ አምስት ቦታ አልነበረም፣ ጣፌ። ቦልቴ ቢሰርቅሽ ጩማ አይሰርቅሽም። ዝናብ ሲቀር ግን ለሁለቱም ነው የሚቀረው።”

“ያን ጊዜ ስታጨበጭብልኝ ይሄን የት ደብቀኸው ነበር?” አልኩት። ከቆዳው ይልቅ የሱ እርጋታ ሸተተኝ።

“እኔም አላየሁትም” አለና አንገቱን ደፋ። ሰውየው ደመወዝ የሚበላው በዚህ ነው።

ወደ አንጁሎ ዞርኩ። አሁንም ጥፋተኛ እፈልጋለሁ። “እሺ፣ አንተ አዋቂው፣ አምስቱም ዳሞታ ቢሆኑ ኖሮ አምስቱም ይተርፉልኝ ነበር ማለት ነው?”

“አይ፣ እትዬ። ካቻምና ዳሞታ ላይ አባ ሰንጋ ገባ። የሚስቴ ወንድም ሁለት በሬ ሞተበት። ሁምቦ ያን ጊዜ ደህና ነበር።” ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። “እኔ ትንሽ እዚያ፣ ትንሽ እዚህ አደርጋለሁ። ዘንድሮ ፍየሎቼ ሞቱ፣ በቆሎዬም ደረቀ። ላይ ያለው እንሰት አለ፣ ልጆቹ እሱን ይበላሉ። መሞቱ አይቀርም። ሁሉም አንድ ላይ እንዳይሞት ነው።”

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ሴቶቹ ገና እያዩን ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

አንድ ላም የዓመት ኪራይ አይሆንም። ግንቦት ሠላሳ ቁልፉን ለአቶ ብሩ አስረከብኩ። አሁን እዚያ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። እኔ ማሽኔን የሀብተየስ በረንዳ ላይ አስቀምጬ እሰፋለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ጨርቄን ይዤ ወደ ውስጥ እሮጣለሁ። አሁን ይዘንባል፣ በየቀኑ ይዘንባል፣ ስሰማው ጥርሴን እነክሳለሁ። አንጁሎ ያላቸው ሁለቱ ላሞች እንኳ ተራራው ላይ ቢሆኑ ኖሮ ከአንጁሎዋ ጋር ሦስት ይሆኑ ነበር። ሦስት ነበር የሚበቃኝ።

በሰኔ ዳሞታ ወጣሁ። ባጃጁ ተራራው እግር ሥር ጣለኝ፣ የቀረውን በእግሬ፣ እየተራገምኩ። አንጁሎ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ላሟ ጆሮዋ ላይ ምልክቴን ይዛ እንሰት ሥር ቆማለች፣ ጥጃዋ ይጠባል። ከላይ ሆኖ ሁምቦ ሩቅ ይታያል፣ ሌላ አገር ይመስላል።

“ጥጃው ግማሹ የእርስዎ ነው” አለኝ።

“ሙሉውን ላንተ” አልኩት። “ደግሞ ሌባ ስላልኩህ ይቅር በለኝ።”

“እሺ፣ እትዬ” አለ፣ ጥጃውን እያየ።

ቀለለኝ ብዬ መውረድ ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ተመልሶ ፈላ፣ በራሴ ላይ። ሌባ ያልኩት ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ይቅርታ የጠየቅሁት ከአንዲት ላም በቀር ማንም በሌለበት ተራራ ላይ። ጭቃውን እየረገጥኩ ተመልሼ ወጣሁና ቅዳሜ ገበያ እንዲመጣ፣ ሽንኩርት ሻጮቹ ፊት ለፊት እንደምጠብቀው ነገርኩት።