የሚያጨልም ብርሃን

ታይፒስቷ ክፉ ነገር ከመድረሱ በፊት አስቀድማ የምታለቅስ ሴት ናት። ስልክ ሲጮህ ሰው ሞቷል ብላ ታነሳለች። ልጇ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ትቆማለች። አባቷ በመጨረሻው ዓመት የቤቱን ቁልፍ የት እንዳኖረ መርሳት ሲጀምር ደግሞ፣ ሐኪሙ «የዕድሜ ነገር ነው» ያላትን ትታ ያላላትን ሁሉ ሰምታ ነው የተመለሰችው።

አባቷ ካረፈ ሁለት ወሩ ነው። ዕድሜ ልኩን ፎቶ አንሺ ነበር፤ ማታ ማታ ግን በሰማያዊ ደብተር ላይ የጸሎት ግጥም ይጽፍ ነበር። የጸሎት ቤቱ ሰዎች ግጥሞቹን በትንሽ መጽሐፍ አሳትመው ለምእመናኑ ሊያድሉ ወሰኑ፤ የመተየቡ ሥራም ለእሷ ደረሰ። ደብተሩን ስትከፍት ልቧ ስንጥቅ አለ። መጨረሻ ላይ የተጻፉት ግጥሞች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ብርሃን ያጨልማል፣ እስር ይፈታል፣ ቅርብ ያለው ሩቅ ነው። ታላቅ ወንድሟን ስልክ ደውላ ብታነብለት፣ «አባባ ያኔ እኮ ተቀላቅሎበት ነበር፤ ምን አዲስ ነገር አለው» ብሎ ዘጋባት።

አባቷ በስተርጅና የተምታታበት ሰው ተብሎ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አልፈለገችም። ከዚያም የባሰ፣ የመጨረሻ ጸሎቱን ሲጸልይ እንኳ የሚለውን አያውቅም ነበር ማለት ነው ብላ ፈራች። ስለዚህ የለመደችውን ሥራ ሠራች። ሃያ ዓመት በቢሮ ስትተይብ፣ አለቃዋ «ስብሰባው በአራት ሰዓት ተጀምሮ በሦስት ሰዓት ያበቃል» ብለው ሲጽፉ ማንም ሳይነግራት አስተካክላ ነው የምታወጣው። የአባቷንም ስንኞች እንደዚያው አስተካከለቻቸው።

ማረሚያው፣ ለእርማት የሚታየው የሙከራ ኅትመት፣ ከማተሚያ ቤት የመጣ ዕለት ጠዋት የአባቷ ጓደኛ ቤቷ መጣ። ጡረታ የወጣ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፤ ክርክሩን ሁሉ «አራት ነጥብ!» ብሎ ስለሚዘጋ ሰፈሩ አራት ነጥብ ይለዋል። የማተሚያ ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚጀምር እርማቱ እስከ ቀትር መድረስ ነበረበት። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ጥቂት ካነበበ በኋላ ቀና አለ።

«ይኼን አባትሽ አልጻፈውም።»

እሷ ማረሚያውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን አልለቀቀም።

«ለአርባ ዓመት ሲያነብልኝ የኖረ ሰው ነው። ‹ብርሃንህ ሲበዛ በራልኝ ዓይኔ› ብሎ አይጽፍም። ብርሃን ሲበዛ ቢበራ ምን ይገርማል? ደብተሩን አምጪ።»

አመጣችለት። አራት ነጥብ ዋናውን ስንኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው፦

ብርሃንህ ሲበዛ ጨለመብኝ ዓይኔ፣
ባላየሁህ መጠን አየሁህ መድኅኔ።

«ጋሼ፣ እንዴት አድርጎ ነው ብርሃን የሚያጨልመው?» አለች።

«መጀመሪያ የጨለመው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ብርሃኑ ነው ወይስ ዓይኑ?»

«ዓይኑ።»

«እንግዲያው ሁለቱ ቃላት አልተጋጩም። ብርሃን የተባለው አንዱ፣ የጨለመው ሌላው። አንድን ነገር፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ በኩል ነውም አይደለምም ካልሽ እሱ ስህተት ነው፤ አንዴ ያወጋሽኝ የአለቃሽ ስብሰባ ማለት ነው። ግጥሙ ግን በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳይነግርሽ ሁለቱን ቃል አጋጭቶ ያቆምሻል፤ ያንን በኩል ፈልገሽ የምታገኚው አንቺ ነሽ።»

የታይፒስቷ ሐሳብ ከአባቷ ፎቶ ቤት ጀርባ ወደነበረው፣ ፎቶ ወደሚታጠብበት ጠባብ ጨለማ ክፍል ሄዷል። ቀይ አምፖል፣ የማጠቢያ መድኃኒቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ፣ በገመድ ላይ የተሰቀሉ እርጥብ ፎቶዎች፣ በርጩማ ላይ ቆማ ከአባቷ ክንድ በላይ ስታጮልቅ። አንድ ቀን በሩን ሳታንኳኳ ከፍታበት፣ ውስጥ የነበረው የፎቶ ወረቀት ሁሉ ተበላሸ። ተቆጥቶ ይመታኛል ብላ ስትጠብቅ እሱ አንዱን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ነከረና እንደ ከሰል ሲጠቁር አሳያት። ያኔ የነገራትን አሁን ለአራት ነጥብ ነገረችው፤ የፎቶ ወረቀት ብርሃን ባገኘ ቁጥር ይጠቁራል፣ አብዝቶ ካገኘ ምስል የሚባል ነገር አይቀርለትም።

«አየሽ» አለ ሽማግሌው፤ ዓይኑ እርጥብ ብሎ ነበር። «ከእጁ ሥራ ነው የቀዳው። ‹ባላየሁህ መጠን አየሁህ› ማለቱም ያው ነው። ዓይኔ ውስጥ ብትገባልኝ ኖሮ ዓይኔን ታህል ነበር፤ ማየት አለመቻሌ ልክህን ነገረኝ ማለቱ ነው። የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር ብቻ አይደለም፣ ስለ ተመልካቹ አቅምም ነው።»

ሁለተኛውንም ስንኝ ፈታላት። አባቷ «እጄን ስታስረኝ ነው በር የከፈትሁት» ያለውን እሷ «ስትፈታኝ» አድርጋዋለች። የታሰረው ለአንዱ ጌታ ነው፣ የተፈታው ከሌላው ሁሉ ነው፤ ከፍርሃት፣ ከሰው አፍ። እሷ እንዳረመችው ግን እጁን የፈታ ሁሉ በር ይከፍታል፤ አዲስ ነገር አልተባለም።

ታይፒስቷ ግን በቀላሉ የምትጽናና አይደለችም። «እንዲህ ከሆነማ የተምታታበት ሰው የሚለውንም ሁሉ ትርጉም ልንሰጠው እንችላለን» አለች። «እርስዎ ስለሚወዱት ነው።»

አራት ነጥብ አልተቆጣም። ደብተሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ገጽ በገጽ ያገላብጥ ጀመር። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርስ ጣቱን አኖረ። «ጣፋጭ መራራዬ፣ ቀዝቃዛው እሳቴ» የሚል ስንኝ በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። እሷ ስታየው የሚያደርገውን ማጣቱ ነው ብላ አልቅሳበት ነበር። ከሥሩ ግን በደቃቅ ጽሕፈት የተጻፈውን አላነበበችውም ነበር፦ «ይህ ጩኸት ብቻ ነው። ምን እንደሆነ ራሴም አላውቅ።»

«ይኼን ስንኝ እኔም ብሆን እሰርዘዋለሁ» አለ ሽማግሌው። «መራራውን አውጥተሽ ‹ጣፋጬ› ብትዪ ምን ይጎድላል? ምንም። ከብርሃኑ ስንኝ ላይ ግን ጨለማውን ብታወጪ ስንኙ ይሞታል፤ አንቺው ገድለሽ አይተሽዋል። የተምታታበት ሰው ባዶውን ተቃርኖ ከሙሉው መለየት አይችልም። አባትሽ ለይቷል። ቁልፉን ረስቶ ሊሆን ይችላል፣ ይኼን ግን አልረሳም። አራት ነጥብ።»

ታይፒስቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ሲበቃት ፊቷን ታጠበችና ማረሚያውን ይዛ ወጣች።

ማተሚያ ቤቱ ደርሳ ያበላሸችውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ መለሰች። የማተሚያ ፊደሎቹን የሚደረድረው ፊደል አዘጋጅ እያጉረመረመ ነበር፤ «ሰው ሁሉ የሚያርመው ወደ ትክክሉ ነው፣ እርስዎ ግን ወደ ስህተቱ ነው የሚያርሙት» ብሎ ቀለደባት። ከዚያ ሦስተኛው ግጥም ላይ እጁ ቆመ፦

ደጄ ላይ ቆመህ የማልደርስብህ ሩቅ፣
በቀረብሁ ቁጥር መንገድህ የሚርቅ።

«እትዬ፣ ይኼስ በእውነት ተሳስቷል። ደጅ ላይ ከቆመ እንዴት ሩቅ ይሆናል?»

ታይፒስቷ እንደ አራት ነጥብ በየትኛው በኩል እንደሆነ ፈልጋ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ቅርብ የሆነው እሱ ስለመጣ ነው፣ ሩቅ የሆነው እኛ ስለማንጨርሰው ነው ማለት ትችላለች። ውሸትም አይሆንም። ግን እንደዚያ ስትል ቅርቡ ትንሽ እንደሚርቅ፣ ሩቁም ትንሽ እንደሚቀርብ ተሰማት፤ አባቷ ደግሞ ከሁለቱ አንዱንም አላሳነሰም።

«ሁለቱንም ማለቱ ነው» አለችው። «ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ። እንዳለ አትመው።»

ሰውየው ትከሻውን ሰበቀና ፊደሎቹን መልቀም ጀመረ። እሷም አንድ ቃል እንዳያጎድል አጠገቡ ቆማ፣ በአባቷ ድምፅ እየሰማችው፣ ስንኙን ቃል በቃል አነበበችለት።