ዘንቢል ውስጥ የቀረው ሻንጣ

ታላቋ ልጄ ባሏን ጥላ ልትወጣ መሆኑን የምናውቀው እሷ፣ እኔ፣ ታናሽ እህቷና አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤቷ ብቻ ነበርን። ሰውየው ለሥራ ራቅ ብሎ የሚሄድበትን ሳምንት እየጠበቀች ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ወደ እኔ ልትመጣ ነው። ክንዷን ከሰበረባት ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። «ካልሲም ሳትይዢ ነይ፣ የኔ እናት» እላታለሁ። «አይ እማ፣ ልጆቼ ተባረን ወጣን እንዳይሉ። ‹ጉዞ ነው› ነው የምላቸው» ትለኛለች።

ስልኳን የገዛላት እሱ ነው፤ ኢሜይሏንም የከፈተላት እሱ ነው። ለእሷ የሚመጣ መልእክት ሁሉ እሱ ስልክ ላይም ይታያል። ስለዚህ የምንነጋገረው ልብስ ሰፊዋ ቤት ስትሄድ፣ በልብስ ሰፊዋ ስልክ ነበር።

እኔና ታናሿ የምንሠራው ሻንጣ በኦንላይን የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቅ ይባል እንጂ መስኮት የለውም፤ ታች መጋዘን፣ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። እኔ ታች ዕቃ አሽጋለሁ፤ ታናሿ ላይ ተቀምጣ ለደንበኞች ኢሜይል ትጽፋለች። ባለቤቱን «ቶሎ» ነው የምንለው። ስሙ አይደለም፤ ግን ከአፉ የሚበዛው ቃል እሱ ነው።

ደንበኛ የመረጠውን ዕቃ የሚያስቀምጥበትን ቦታ ገጻችን «ዘንቢል» ይለዋል። ብዙ ሰው ዘንቢሉን ይሞላል፣ አድራሻውንና ኢሜይሉን ይጽፋል፣ ክፍያው ላይ ሲደርስ ጥሎ ይወጣል። አንዱን የማድረሻው ዋጋ ያስደነግጠዋል፤ አንዷን ልጅ ያለቅስባታል፤ ሌላው ድሮም ሊያይ እንጂ ሊገዛ አልመጣም። ለእነዚህ ሰዎች ማሽኑ፣ ኮምፒውተሩ ማለቴ ነው፣ በራሱ የኢሜይል ማስታወሻ ይልክላቸዋል። ምን ብሎ፣ መቼ እንደሚልክ የምትነግረው ታናሿ ልጄ ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ጠራችኝና አዲስ የጻፈችውን አስነበበችኝ። ማታ ማታ ማንበብ እየተማርኩ ነው፤ «አንቺ ሳትደናቀፊ ካነበብሽው ማንም አይደናቀፍበትም» ትላለች። ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። «ያስቀመጡት ዕቃ አለ። ሲመችዎ ይመለሱ።»

ቶሎ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ከኋላችን ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው? የለቅሶ ቤት ማስታወቂያ?» አለ።

«ጨዋ ማስታወሻ ነዋ» አለች ልጄ። «የመጀመሪያው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሄዳል። ሰውየው ስልክ ሊያነሳ ተነስቶ ይሆናል፤ ራሱ ይመለሳል። ሁለተኛው በማግስቱ ይሂድና ስለ ማድረሻው፣ ዕቃ ስለ መመለስ ይንገራቸው። ቅናሽ የግድ ከሆነ በሦስተኛው፣ ከሦስት ቀን በኋላ።»

«በሦስት ቀን እኮ ሰውየው ሌላ ቦታ ገዝቶ፣ ተጉዞ፣ ተመልሷል! በግማሽ ሰዓት ይሂድ። ቅናሹም እዚያው ላይ።»

«ቅናሹን መጀመሪያ ከሰጠን ይለምዱታል። በሙሉ ዋጋ ሊገዛ የነበረው ሁሉ ዘንቢሉን ጥሎ ቅናሽ መጠበቅ ይጀምራል።»

«መጀመሪያ ይግዛ፣ ከዚያ ይልመድ። ደግሞ ሳቅ ይኑረው። ልብ በይ።»

ጎንበስ ብሎ ራሱ ጻፈው። ርዕሱ «ጉዞው ቀረ እንዴ?» ይላል። ከሥሩ ደንበኛው የመረጣቸው ዕቃዎች ፎቶ ይመጣል። ከዚያ «ሻንጣዎ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። እስከ ነገ ማታ ከገዙ አሥር ከመቶ ቅናሽ አለዎት» ይላል። እኔም ሳቅኩ። ቀልደኛ ጎረቤት በአጥር በኩል የሚለክፍ ነበር የሚመስለው።

«ይኸው! እናታችን ሳቁ። ሰው የሚያስቀውን ነው የሚከፍተው» አለ ቶሎ።

«የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» አልኩት።

«ግድግዳውን ይተዉት እማማ፣ በሩ ይከፈት ብቻ» ብሎ እየሳቀ ወረደ። ልጄ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ከአለቃ ጋር ግብግብ አትወድም። እንዳለው አድርጋ አስተካከለችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኔን ይዤ ወጣሁ። ማሽኑ የተተዉ ዘንቢሎችን በተራ ይደረድራቸዋል፤ እኔ ደግሞ እየበላሁ እነሱን ማንበብ ለምዶብኛል። አንዱ ጋ ስደርስ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ትልቅ ሻንጣ፣ ግራጫ። የልጅ ቦርሳ፣ ሰማያዊ። የልጅ ቦርሳ፣ ጆሮ ያላት።

ጆሮ ያላትን ቦርሳ የልጅ ልጄ ፎቶዋን አይታ «እቺን፣ እቺን» ስትል ሰምቻታለሁ። ጣቴን ወደ ስሙ ወሰድኩት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተያይዘው የታላቋ ልጄ ስም ሆኑ። ማድረሻው የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው።

«ልጄ፣ ይቺ እህትሽ አይደለችም?»

ታናሿ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ስሙን ነካችው። ከጎኑ አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷን ለማንበብ ጣት አላስፈለገኝም። «ተልኳል» ትላለች።

«መልሺው!»

«የተላከ አይመለስም፣ እማ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ። ቀጣዮቹ ሁለት ኢሜይሎች እንዳይሄዱ አድራሻዋን ከዝርዝሩ አወጣችው። «ዘንቢሉን ከተወችው አርባ ደቂቃ ሆኗታል» አለች። «በአንድ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ገና አልሄደም ነበር።»

ሳላስበው ልጄ ስልክ ላይ ደወልኩ። ያነሳው እሱ ነው።

«አቤት እማማ!» ድምፁ ማር ነው። «ደህና ዋሉ?»

«ደህና። ልጄን አቅርብልኝማ።»

«እጇ አይመችም፣ ልጆቹን እያጠበች ነው። ምን ልበልልዎት?»

«ምንም። ሰላምታ ነው።»

«እኛ ሰላም ነን። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እማማ። ጉዞው ቀረ እንዴ?»

ስልኩን ዘጋው።

ሥራውን ጥለን ሄድን። በሩ ላይ እሱ ወጣ፤ «ተኝታለች፣ አሟታል» ብሎ ከደጃፉ መለሰን። የልጆቹ ድምፅ አይሰማም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው «ጩኸት ሰምታችኋል?» አለን። አልሰማንም። «እንግዲያው ነገ ራሷ ትምጣ» አለ። መምጣት የምትችል ቢሆን ምን ልናደርግ ሄድን? ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን ከፍታ ስትጠብቅ አደረች። እኔም አልተኛሁም።

በማግስቱ ጠዋት ቶሎ ወረቀት እያውለበለበ መጋዘን ገባ።

«እማማ! ትናንት የተተወ አንድ ዘንቢል ተመለሰ! የግማሽ ሰዓቱ ኢሜይል የመጀመሪያ ሽያጭ! ቅናሹን ተጠቅሞ ነው የገዛው፤ ዛሬውኑ ይድረስልኝ ይላል። ቶሎ፣ ቶሎ!»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ትልቅ ሻንጣ፣ ግራጫ። ሌላ መስመር ፈለግኩ። ገልብጬም አየሁት። ሁለቱ የልጅ ቦርሳዎች ከዘንቢሉ ወጥተዋል። ማድረሻውም የልብስ ሰፊዋ ቤት መሆኑ ቀርቶ የእሱ ቤት ሆኗል።

እዚያው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ታናሿ ወርዳ ወረቀቱን አየችውና ለቶሎ ሁሉንም ነገረችው። እሱም መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ፣ መልሶ አወለቀ።

«እንሰርዘው?» አለ በመጨረሻ። «ዕቃው አለቀ እንበለው?»

«እንሰርዘው» አለች ልጄ።

እኔ ግን አሰብኩ፤ ልጆቹን አስቀርቶ እሷን ብቻ ሊያባርር ነው። ሻንጣው ባይሄድ ያለ ሻንጣ ያስወጣታል፤ ወይ ደግሞ ጭራሽ አያስወጣትም። የበለጠ ያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

«ላኩት» አልኩ።

ግራጫውን ሻንጣ አወረድኩ። ከመደርደሪያው ጆሮ ያላትን ቦርሳ አነሳሁና ትልቁን ከፍቼ ውስጡ አስገባኋት። በደንብ ትገባለች፤ ማንም ውጭ ሆኖ አያውቅም። ግን መጀመሪያ የሚከፍተው እሱ ነው። መልሼ አወጣኋት። ጆሮዋ ተጣጥፎ ነበር፤ አቃንቼ ቦታዋ አስቀመጥኳት። ሻንጣውን አሸግኩት። የሽቦ ያህል የጠነከረውን ማሸጊያ ስጎትት እጄን ቆረጠኝ፤ ማታ ነው ያየሁት።

አመሻሽ ላይ የሻንጣ ጎማ በደጃፋችን ኮረት ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሮጬ ከፈትኩ። ታላቋ ልጄ ቆማለች፤ ከንፈሯ አብጧል። እያቀፍኳት ከትከሻዋ ኋላ አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው።

«ልጆቹስ?»

«የእነሱን ከዘንቢሉ አወጣው፣ እማ። እያሳየኝ ነው ያወጣው። እነሱ አይጓዙም አለኝ።»

ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ታናሿ እግሯ ሥር ተንበርክካ ማልቀስ ጀመረች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የላክሁት። ከሥራዬ ነው የወጣው።»

«አንቺ ምን ታውቂ ነበር? ለምሳ መጣ፤ በሩን ሲከፍት ደንግጬ ክፍያው ላይ ተውኩት። ካልገዛሁ ምን ይልኩልኛል ብዬ ነው። የወጣሁ ጊዜ ያለቀ ነበር የመሰለኝ። ፎቶውን አሳየኝ፤ ሦስቱንም ሻንጣ ደርድረውለታል። ‹ለሁለት ልጅ ቦርሳ መርጠሽ ለእኔ ግን አልመረጥሽልኝም› አለኝ። ከዚያ ‹ቅናሽም አለው› ብሎ ሳቀ።»

ጠዋት ፍርድ ቤት ሄደን ለልጆቹ ልናመለክት ተስማማን። ታናሿ በራሷ አሮጌ ስልክ ለእህቷ ሌላ ኢሜይል ከፈተችላት፤ እሱ የማያውቀው፣ ለነገው ማመልከቻ የሚሆን። ቶሎ ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያዘው ኢሜይሉን አስለውጦ ነበር። ፎቶውን አወጣ፣ ቅናሹን አወጣ፣ ርዕሱንም ቃሉንም ወደ ልጄ ጽሑፍ መለሰው። ግማሽ ሰዓቱን ብቻ አልለቀቀም። «ሽያጭ እኮ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ታላቋ እራቷን ሳትነካ በአሮጌው ስልክ የእኛን ገጽ ከፈተች። ሰማያዊውን ቦርሳ መረጠች። ጆሮ ያላትን መረጠች። አድራሻ በሚለው ቦታ የእኔን ቤት ጻፈች። ክፍያው ላይ ስትደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

ሳህኖቹን አጥቤ ስመለስ ስልኩ ነዘረ። ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ። «አንብቢልኝ፣ እማ።»

አሁን አልተደናቀፍኩም። «ያስቀመጡት ዕቃ አለ። ሲመችዎ ይመለሱ።»

«ይቺ ትሻል ነበር» አለች።

«ላጥፋልሽ?» አለች ታናሿ። «ነገም፣ ከሦስት ቀን በኋላም ይመጣል።»

«ተይው። ይምጣ።»

ተነስታ የነገ ልብሷን ጠየቀችኝ። ከእኔ ሰጠኋት፤ ሰፋት። የራሷ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ግን እጇን ልትሰድበት አልፈለገችም፤ እኛም አልነካነውም። ግራጫው ሻንጣ በሩ ላይ እንደቆመ አደረ።