ያልቀላው ክንድ

ፀጉር ቤቱ ውስጥ «ዶክተሯ» የሚሏት ለክብር አልነበረም። ስሙን ያወጣችላት የቤቱ ባለቤት አክስቷ ናት፤ አዲስ ቀለም በመጣ ቁጥር ቆዳ ላይ ሳልሞክር ራስ ላይ አልቀባም ስለምትል። «በዚህ አመልሽ አንድ ደንበኛ ቢሄድብኝ፣ ቀለሙን ትተዪና ወደ መጥረጊያሽ ትመለሻለሽ» ብላታለች። ዶክተሯ ቀለም እስኪሰጣት ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ጠርጋለች።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ጠበቃ ደንበኛ መጣች። እሑድ ልጇን ትድራለች፤ ሽበቷን በአዲሱ ጥቁር ቀለም ማጥፋት ፈልጋለች። ዶክተሯ የጠበቃዋ ክንድ መታጠፊያ ላይ ከቀለሙ ጥቂት ነካ አድርጋ አደረቀችው። «ውኃ አያስነኩት። ሐሙስ በዚሁ ሰዓት ይምጡ።»

ጠበቃዋ ግን ረቡዕ ጠዋት እጅጌዋን ጠቅልላ ከተፍ አለች። «ይኸው፣ ምንም የለም። ቅቢኝ።»

«ሁለት ቀን አልሞላም፣ እትዬ።»

«ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ አያመላልሰኝም።»

«ፍርድ ቤት ፊት አያሳብጥም። አለርጂ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።»

አክስትየዋ ከመስታወቱ ጥግ ሳቀች። «ይቅር በያት የኔ እመቤት፣ የኛ ዶክተር እኮ ካልታመሙላት ደስ አይላትም።»

ሐሙስ ዕለት ክንዱ እንደ ማክሰኞው ንጹሕ ነበር። ጠበቃዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዶክተሯ ግን ክንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳበችው። ቆዳው ሳስቶ ያብለጨልጫል፣ ደም ሥሩ ይቆጠራል፤ የጣቶቿ አንጓ ደግሞ ከክንዷ ይጠቁራል።

«እዚህ ላይ ምን ይቀባሉ?»

«ምን አገባሽ?»

«ሙከራው ላይ አገባኝ።»

ጠበቃዋ ቦርሳዋን በንዴት ከፍታ አንድ ቱቦ ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «የማሳከክ ቅባት ነው። ፊትም ያጠራል። ዓመቴ ነው ጠዋት ማታ ስቀባው፤ ወንጀል ነው?»

ዶክተሯ ጽሑፉን አነበበች። «ስቴሮይድ አለበት። መቅላትን የሚያፍን መድኃኒት ነው። ክንድዎ ቢቆጣም አያሳይም፤ ይሄ ሙከራ አልተደረገም ማለት ነው።»

«አሁንስ አበዛሽው» አለች አክስትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «ንጹሕ ነው ብለሽ ቅቢ፣ አለዚያ እኔ እቀባለሁ።»

«ቅቢያት። ጠበቃ እኮ ናት፣ ነገ ስትከስሽ ምስክር አትቸገርም።»

ጠበቃዋ እጅጌዋን ወደ ታች አወረደች። «ሌላ ቦታ ሞክሪና እንገላገል።»

«ከጆሮዎ ጀርባ ይቀባሉ?»

«እዚያ ማን አይቶኝ?»

ዶክተሯ ከጆሮዋ ጀርባ ነካ አደረገች። «ቅባቱ እዚህ እንዳይደርስ። ካሳከከዎት ወዲያው ይታጠቡት። ምንም ካልሆነ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እቀባዎታለሁ።»

ጠበቃዋ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት አልጠበቀችም። ጠዋት በሩን በርግዳ ገባችና ሻሿን ገፈፈች። ጆሮዋ ቀልቶ አብጧል፤ ከጀርባው ጥቃቅን ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ወጥተው ቅላቱ እስከ አንገቷ ወርዷል። «በልጄ ሠርግ ዋዜማ ያደረግሽኝን እዪ!»

«ቀለሙ ትንሽ አቃጥሏት ነው» አለች አክስትየዋ ተሽቀዳድማ። «ታጥባው ቀዝቃዛ ጨርቅ ብታደርግበት እስከ ማታ ይጠፋል። ከዚያ እንቀባታለን።»

«መቼ ጀመረዎት?» አለች ዶክተሯ።

«ትናንት ማታ። እስከዚያ ድረስ ምንም አልነበረም። ታጠብኩት፣ ባሰበት። ሲያሳክከኝ ነው ያደረው።»

«ተራ ቃጠሎ ቢሆን ኖሮ ገና ሲነካዎት ይለበልብዎት ነበር፣ ከተቀባው ቦታ አያልፍም፣ ሲታጠብም ይበርድ ነበር። ይሄ ከቀን በላይ ቆይቶ ነው የወጣው፣ ያሳክካል፣ ድንበሩንም አልፏል። አለርጂ ነው። ቀለሙ ዛሬም ሆነ ሌላ ጊዜ ራስዎን አይነካም። አሁን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ቱቦውንም ያሳዩት።»

«ነገ በሽበቴ ልቁም?»

«በሽበትዎ። ፊትዎ ግን አያብጥም፣ ዓይንዎም ይከፈታል።»

ጠበቃዋ ወደ አክስትየዋ ዞረች። «አንቺ ሐሙስ ዕለት ይሄንን ሙሉ ራሴ ላይ ልታፈሺው ነበር።» ከዚያ ወደ ዶክተሯ። «አንቺ ደግሞ ጆሮዬን አበላሸሽው። ሁለታችሁንም ዓይናችሁን ማየት አልፈልግም።» ሻሿን አስራ ወጣች። አመሰግናለሁ የሚባል ነገር አልተነገረም፤ ዶክተሯም አልጠበቀችም።

አክስትየዋ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ እጇን ዘረጋች። «የቀለም ጓንቱን አምጪ። ደንበኛዬ ሄደች፣ ቃል ቃል ነው።»

ዶክተሯ ጓንቱን አውልቃ ሰጠቻት፤ ከጥግ መጥረጊያውን አነሣች። አልተከራከረችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም።

አክስትየዋ ጓንቱን አጥልቃ ተራ ወደምትጠብቀው ሴት ሄደች። ሴትየዋ ያንኑ ጥቁር ቀለም ነው የፈለገችው። አክስትየዋ የቀለሙን ቆርቆሮ አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ወደ ጠራጊዋ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ፣ በቁጣ ድምፅ ሴትየዋን ጠየቀቻት።

«ከጆሮሽ ጀርባ ቅባት ትቀቢያለሽ?»