ዝቅ ያለችው ሦስት

የፈተና ወረቀት እያረመች ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ዘቢባ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነጌሌ ላይ ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የት እንደሚሳሳት ከተማሪው ቀድማ ታውቃለች። ጥያቄው የ sin³(x²+1)ን ዴሪቬቲቭ ፈልጉ የሚል ነበር። ሦስት ነገር ተደራርቧል፤ ከውጭ ኪዩቡ፣ መሐል ሳይኑ፣ ከውስጥ x²+1።

ክፍል ውስጥ «እንደ ልብስ ቁጠሩት» ትላቸው ነበር። «ጋቢውን ስታወልቁ ኮቱን አትንኩ፤ ኮቱን ስታወልቁ ሸሚዙን አትንኩ። ግን ሳይወልቅ የሚቀር ልብስ እንዳይኖር።»

በቼይን ሩል ሲሠራ 3sin²(x²+1) ይመጣል፤ በ cos(x²+1) ይባዛል፤ በመጨረሻም በ 2x። ተጠቃሎ 6x sin²(x²+1) cos(x²+1) ነው። አንዱ 3sin² ላይ እንደሚቆም፣ ሌላው 2x መርሳቱ እንደማይቀር፣ ቸኩሎ ሁሉንም በአንዴ የሚያወልቀው ደግሞ 3cos²(2x) እንደሚል ጠብቃ ነበር።

ያገኘችው ግን ሌላ ነው። ከአርባ አንዱ ተማሪ አሥራ አራቱ 6x cos 3(x²+1) ብለው ጽፈዋል። ሳይን ስኩዌሩ የለም። ከአሥራ አራቱ አንዷ ደግሞ የክፍሉ አንደኛ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የሆነችው ፋርሂያ ናት። የቀሩትም ቢሆኑ አንዱ cos 6x፣ አንዱ 3cos 3(x²+1) እያሉ ኮሳይን ብቻ ይዘው ሄደዋል።

ስህተት እንደየሰዉ ይለያያል። አሥራ አራት ሰው በአንድ ቀን አንድ ድንጋይ ካደናቀፈው ድንጋዩን ያስቀመጠ አለ ማለት ነው። ዘቢባ ወረቀቶቹን በመቀመጫ ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። ፋርሂያ ከፊት ነበረች። ከእሷ ተገልብጦ ነው፣ አለች በልቧ፤ እሷስ ከማን?

ከአርባ አንዱ በትክክል የመለሰች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የገዛ ልጇ ሚስራ። ዘቢባ የሚስራን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደረጃው ሁሉ በተራ ተቀምጧል፤ የተዘለለ የለም። ብቻዋን ፈገግ አለች።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ፋርሂያን ወደ ባዶ ክፍል አስጠራቻት።

«ሰባተኛውን ከማን ነው የወሰድሽው?»

«ከማንም፣ ቲቸር።»

«አሥራ አራት ሰው እንዳንቺ ጽፏል። ሳይን ስኩዌሩ የት ሄደ?»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ sin 3(x²+1) ብላ ጻፈች። «ውጩ ሳይን ነው፤ ኮሳይን ይሆናል፤ ውስጡ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ በውስጡ ዴሪቬቲቭ፣ በ 3 ጊዜ 2x ይባዛል። 6x cos 3(x²+1)። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

«ይሄ የእኔ ጥያቄ አይደለም። ሦስቷ ፓወር ናት።»

«ወረቀቱ ላይ ፓወር አልነበረችም፣ ቲቸር። ዋላሂ አልነበረችም።»

ዘቢባ ወጥታ ወደ ቢሮ ሄደች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፈተናውን በእጇ ጽፋ፣ በስልኳ ፎቶ አንሥታ እንድትተይበው ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ለጠጂቱ በቴሌግራም ልካላት ነበር። ከተባዛው ወረቀት አንዱን ጠይቃ አየችው። sin 3(x²+1)። ሦስቷ እንደማንኛውም ቁጥር መስመሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ስታርም የነበረው ደግሞ በእጇ በጻፈችው የመልስ ቁልፍ ነበር፤ የታተመውን አንድም ጊዜ አልገለጠችውም።

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽው!»

«እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለች ጠጂቱ ተቆጥታ። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየቻት። ወረቀቱ ዘመም ብሎ ነው የተነሳው፣ እጥፋቱም ጥላ ጥሏል፤ ሦስቷ ከሳይኑ ጎን ዝቅ ብላ ትታያለች። «እስቲ ይቺን ማን ፓወር ናት ይላል? የሒሳብ ሰው አይደለሁም።»

ዘቢባ ፎቶውን ከታተመው ጋር አስተያየችው። ክፍሉ በሙሉ የታተመውን ጥያቄ ነው የሠራው። ታዲያ ያልታተመውን የሠራችው ልጅ ጥያቄውን ከየት አገኘችው?

መጀመሪያ የጠረጠረችው ጠጂቱን ነው። «ይሄን ፎቶ ለማን አሳየሽ?»

«ለማንም! ባሳይስ፣ ከዚህ ያነበበ ሰው እንደኔው አይደለም እንዴ የሚያነበው?»

እውነቷን ነው። ይቺን ሦስት ፓወር ብሎ ለማንበብ የዘቢባን የእጅ ጽሑፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን እያየ ያደገ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ዘቢባ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

በምሳ ሰዓት ቤት ስትደርስ ሚስራ እጇን እየታጠበች ነበር። ዘቢባ የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ሰባተኛውን አንብቢልኝ» አለቻት።

«ሳይን... ኪዩብ...» ሚስራ ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው።

«ፈተናው ላይ አላነበብሽውም?»

ልጅቷ ወረቀቱን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችው።

«ለሰው ሁሉ ሳይን ሦስት ነበር፣ ሚስራ። ለአንቺ ብቻ ሳይን ኪዩብ የሆነው እንዴት ነው?»

«ስልክሽ ቻርጅ ላይ ነበር» አለች በመጨረሻ። «መልሱን አላየሁም፣ ፎቶው ላይ ጥያቄውን ብቻ ነው ያየሁት። ራሴ ነኝ የሠራሁት። ቤት ሠርቼ ስለያዝኩት ፈተናው ላይ ጥያቄውን አላነበብኩትም።»

«ሦስቷስ?»

«የአንቺ ፓወር ሁልጊዜ ዝቅ ትላለች፣ እማዬ። የአንቺን እጅ አጣዋለሁ እንዴ?» ከዚያ አለቀሰች። «የቲቸር ልጅ ሆነሽ እንዴት ፋርሂያ ትበልጥሻለች ይሉኛል። አንቺም ባትዪው በዓይንሽ ትዪኛለሽ።»

ዘቢባ ልትቆጣ መጥታ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። ትናንት በዚያ ወረቀት ብቻዋን ፈገግ ማለቷ ትዝ አላት፤ አፈረች። ማንም አላወቀም። ሰባተኛውን ሰርዛ ለሁሉም ነጥብ ብትሰጥ ነገሩ እዚያው ይሞታል። ይህን እያሰበች ምሳዋን ሳትበላ ተነሣች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጃታኒ የቢሯቸው በር ላይ ሲያይዋት «ናጋ ነው ዘቢባ? ሰላም ነው?» አሏት።

«ናጋ አይደለም፣ ጋሼ» አለችና ከፎቶው እስከ ሚስራ ያለውን ሳታስቀር ነገረቻቸው።

አቶ ጃታኒ በሩን ዘጉት። «ሌላ ሰውስ አይቶት እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አሉ።

«ሌላ ሳይን ስኩዌር የጻፈ የለም።»

«ሌሎቹ ጥያቄዎች ላይስ?»

ሌሎቹ ጥያቄዎች እንደተጻፉት የታተሙ ስለሆኑ ማን አስቀድሞ እንዳያቸው መለየት አይቻልም ነበር። ፈተናው ተሰረዘ። አዲሱን ሌላ መምህር አወጣው፣ ለዘቢባ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፣ ሚስራም እንድትፈተን አልተፈቀደላትም፤ ዜሮ ተያዘባት። የክፍሉ ልጆች ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም።

ዘቢባ ፋርሂያን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀቻት። «መልስሽ ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ቲቸር» አለች ፋርሂያ።  ቀድሞ ደወል ከተደወለ በኋላ ደብተሯን ይዛ የምትከተላት እሷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋን ለሌላው ክፍል መምህር ትወስዳለች።

በሁለተኛው ሴሚስተር ሚስራ ሌላ ሰው ባወጣው ፈተና ሰባ አንድ አመጣች። ውጤቱን እንደያዘች ሮጣ መጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። ዘቢባ «ጎበዝ» አለቻት፤ ከልቧም ነበር። ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ከጥያቄው ጋር እያስተያየች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።