የግራ ዓይኑ

«ይሄ የኔ ሰው አይደለም።»

እማማ ይህን ያሉት ረጋ ብለው ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ፎቶ የምታስተካክለው ልጅ ግን እጇን ከማውሱ አነሳች። በዚህ ወር ሥራ ሲመለስባት ሁለተኛው ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ሦስተኛ ከመጣ ወደ ጉርድ ፎቶ ቆረጣ እንደምትመለስ ቁርጡን ነግሯታል።

«ዝምታ፣ እስቲ ውጪ» አላት ባለቤቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ። ዝም ስለምትል ያወጣላት ቅጽል ነው፤ በስሟ ከጠራት ቆይቷል። «የሰውዬውን ዓይን ምን አደረግሽው?»

እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎቶውን ጭናቸው ላይ አጋድመውታል። የሟች ባላቸው ፊት ነው፤ ከክራባቱ ቋጠሮ እስከ ግንባሩ ወረቀቱን ሞልቶታል። ልጃቸው፣ ጎልማሳ ሴት፣ ቤት ውስጥም ሆና ጥቁር መነጽሯን ሳታወልቅ አጠገባቸው ቆማለች።

«እማማ፣ ምኑ ነው ያልመሰለው?» አለች ፎቶ አስተካካይዋ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«የግራ ዓይኑ። እንደ ቀኙ ቡናማ አልነበረም፣ አመድማ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።»

ያመጡላት አሮጌ ፎቶ ግራ ጎኑን ፀሐይ በልታው ነበር፤ ጉንጩም ኮሌታውም ነጣ ብሏል። ዓይኑም በዚያው የነጣ መስሏት፣ የቀኙን ቀለም ወስዳ እኩል አድርጋዋለች። እኩል ማድረግ ሥራዋ ነው።

«እኔ ፀሐይ የበላችው መስሎኝ...»

«እኔንም በልታኛለች፤ ዓይኔን ግን ማን ነካው? ሥሪው፣ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ወደ ወንበሯ ተመልሳ አሮጌው ፎቶ እንደመጣ የተቀዳበትን ፋይል ከፈተች። የግራው ዓይን ፈዟል። ምን ያህሉ የሰውዬው፣ ምን ያህሉ የፀሐይዋ እንደሆነ ግን መለየት አልተቻላትም። ዓይኑን ስክሪኑን እስኪሞላ አጉልታ፣ ግራጫና አረንጓዴ ቀላቅላ ቀባችው። ከቅርብ ሲታይ ያምራል። በቁራጭ ወረቀት አትማ ይዛ ወጣች።

እማማ አንዴ አዩት። «ይሄማ ድመት ነው።»

ልጃቸው ሳቅ አመለጣት። ፎቶ አስተካካይዋ ግን ወረቀቱን ስታይ አፈረች። የቀለሙ ዳር በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ ዓይኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ መቅረት የነበረበት የመብራት ነጸብራቅ እንኳ አረንጓዴ ገብቶበታል።

ያኔ ሴትየዋ በሳቅ የመጣ እንባዋን ልትጠርግ መነጽሯን ከፍ አደረገች። አፍታም አልቆየ። አንዱ ዓይኗ አመድማ ነበር።

ልጅቷ የደንበኛ ፊት ቀና ብላ ማየት አይሆንላትም፤ ፊት የምታውቀው በስክሪን ነው። አሁን ግን ቀና አለች።

«እህቴ... መነጽርሽን ብታወልቂልኝ?»

«ለምን?»

«የአባትሽ ዓይን መሰለኝ።»

ሴትየዋ መነጽሯን መልሳ አስተካከለችው።

«አውልቂላት» አሉ እማማ። «አርባ ዓመት ደብቀሽው ምን አተረፍሽ?»

«እማዬ ደግሞ» አለችና አወለቀች።

ልጅቷ መስኮቱ ጋ ወሰደቻት፤ ሴትየዋ መነጽሯን መስኮቱ ላይ ስታስቀምጥ ዓይኗን አትኩራ አየች። ሁሉም አመድ አልነበረም። የክቡ ዳር ጠቆር ያለ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱም ነጩ ላይ ድንገት አይቆምም፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል። መሃል ያለውን ጥቁር ነጥብ የከበቡት ክሮች እንደ ሌላኛው ዓይን ቡናማ ናቸው። የላይኛው ሽፋን ጥላ ያረፈበት ቦታም ጨለም ይላል።

ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ የድመቱን ዓይን አጠፋችው። ቀለሙን ፎቶው ላይ እንደ ስስ ብርጭቆ በሚደረብ አዲስ ሌየር ላይ አኖረች፤ ሌየሩ ቀለም ብቻ ስለሚነካ ከሥሩ ያሉት ክሮች ብርሃንና ጨለማቸው አልተነካም። የመሃሉን ጥቁር ነጥብና ነጸብራቁን ከቀለሙ አወጣች። ዳሩን በጥቂቱ አለዘበች፣ ጠቆር ያለውን ቀለበት ተወችው፣ በጥላው ሥር አሳሳች። የቀለሙን ኃይል በግማሽ ቀነሰች። አሁንም ቀነሰች። ከዚያ ፎቶውን በሚታተምበት ልክ አሳንሳ፣ ተነስታ ከኋላ ቆማ አየችው።

ባለቤቱ በትከሻዋ አሻግሮ አየ። «ምን ቀየርሽ? ምንም አይታየኝም።»

እሷም ፈራች። ብትጨምርስ? እጇ ወደ ማውሱ ሄዶ ተመለሰ። «ይታተም» አለች።

እማማ ፎቶውን ተቀብለው ራቅ አደረጉት፣ አቀረቡት።

«ክራባቱ ጠማማ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ልጅቷ በልቧ ቆጠረች። ሦስተኛ። «ላቅናው?»

«እንዳትነኪው። እሱ መቼ ክራባት ማሰር ያውቅና።» ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሱ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። «ነይ እስቲ። እየውማ፣ ያንቺው ነው።»

ሴትየዋ ጎንበስ አለች። መነጽሯ መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ ነበር።