ቀይ ዘንቢልን ማን ቀደመ

ባለቤቴ ባህሩ ምላሱን ቢሰበስብ ኖሮ ደሜ እንዲህ ባልፈላ!

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሐዋሳ ገበያ በርበሬ የሸጥኩት ከአንድ ቀይ ዘንቢል ነው። ሰው ፀደይ ብሎ አይጠራኝም፤ "ባለ ቀይ ዘንቢሏ" ነው የሚለኝ። በሁለት ሺህ አምስት በርበሬውን አሽጌ ለሱቆች ላከፋፍል ስነሳ ከ"ቀይ ዘንቢል" ሌላ ስም አላሰብኩም።

"ስሙ የኛ ነው፤ ንግድ ቢሮ መዝግቦልናል" አለ ባህሩ።

መሃል ከተማ ቢሮ ያላት፣ ሳያት የምትባለው ጠበቃችን ግን ራሷን ነቀነቀች። "እሱ የድርጅቱ መጠሪያ ነው፣ ጋሼ። ፓኬቱ ላይ የሚታተመው የንግድ ምልክት ይባላል፤ የሚመዘገበውም አዲስ አበባ፣ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነው። ሌላ ሰው እንዳልያዘው ሳናጣራ አንድም ፓኬት እንዳታሳትሙ።"

ሐሙስ ደወለች። በቅመማ ቅመም ምድብ ተመሳሳይም ተቀራራቢም ስም አልተገኘም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"ቶሎ ቃሉን ብቻ እናስገባ" አለች። "የፓኬቱን ሥዕል ነገ ብትቀይሩትም ቃሉ ይጠብቃችኋል። ምድቡም ለጊዜው የበርበሬና የቅመም ይበቃል፤ ወደፊት ያሰባችሁት ዘይት ስትጀምሩት ይደርሳል። እስኪገባ ለማንም አትንገሩ፤ ቀድሞ ያመለከተ ይቀድማል።"

የንግድ ፈቃዱ በባህሩ ስም ስለነበር ያለ እሱ ፊርማ አይሆንም። እሱ ደግሞ "ሙሽራ ሳትለብስ ትወጣለች እንዴ? ሰዓሊው ዘንቢሉን ስሎ ይጨርስና ሁሉንም አንድ ላይ እናስገባለን" አለ። ብለው ብሠራው አልሰማኝም።

እሁድ ከዕቁብ ፊቱ በርቶ መጣ። "ስሙን ለዕቁብተኛው ነገርኩ። ሁሉም ተነሥተው መረቁን!"

"ምን አደረግክ?"

"ያልተመረቀ ነገር ይቃናል እንዴ?"

ሰኞ በግድ አስፈረምኩት። ሳያት ወረቀቱን ይዛ ረቡዕ አዲስ አበባ ደረሰች፤ ከዚያው ደወለችልኝ።

"ወይዘሮ ፀደይ፣ ትናንት ሌላ ሰው አስገብቶታል። ወንድሙ የሚባል።"

ወንድሙ! ባልትና ነጋዴው፣ የዕቁቡ ዳኛ፣ ምርቃቱን የመራው ሰው! እግዜር ይይለት።

"መቃወም አይቻልም?"

"ማመልከቻው ለተቃውሞ ሲታወጅ ይቻላል። ግን በዚህ ስም የታተመ ነገር፣ የቆረጡት ደረሰኝ አለዎት?"

ምን ይኖረኛል? የሸጥኩት በዘንቢል ነው።

"ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ እናሸንፋለን ብዬም ቃል አልገባልዎትም" አለች። ስልኩን ይዤ በንዴት አለቀስኩ።

ባህሩ አንገቱን ደፋ። "ወንድሙ ይህን ያደርጋል ብዬ..." ብሎ አልጨረሰውም።

እኔም በራሴ ስም ንግድ ፈቃድ አወጣሁ። ሌላ ስም መረጥኩ። ሳያት አጣራች፣ ነጻ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያው ቀን ቃሉን ብቻ አስገባች።

ምሳ ላይ ባህሩ እየፈራ ጠየቀኝ፦ "አዲሱ ስም ማን ሆነ?"

አየሁት። ሦስት ልጅ የወለድኩለት፣ የምወደው ባሌ ነው።

"ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ታነበዋለህ" አልኩት።