በራስ ላይ መደረብ

ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ። የእኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ነገር የሚገባብን በጆሮ ነው። ሥራችን የተቀዳ ስብሰባ እየሰሙ ማን መቼ እንደተናገረ መለየት ነው። ምን እንደተባለ አይመለከተንም፤ እሱን ሌሎች ይጽፉታል። መጀመሪያ ማሽኑ ይሞክራል፦ ድምፅ ያለበትን ከዝምታው ይለያል፣ ይቆራርጠዋል፣ የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጋር ይሰበስብና «ተናጋሪ አንድ»፣ «ተናጋሪ ሁለት» እያለ ይደረድራል። ስም አያውቅም። እኛ ደግሞ ከኋላ ከኋላው እየሄድን ያጣመመውን እናቃናለን። ሰፈሩ ይህን ሁሉ ማዳመጥ ቢሰለቸው «ጆሮ ጠቢዎች» ብሎ ገላገለን።

እዚያ ያስገባኝ ጎረቤቴ ቀጭኔው ነው። ቀጭኔ ያልነው ለቁመቱ ነው። ቤታችን ግድግዳ ይጋራል፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ ስለዚህ የዚህን ሰው ሳል ከባሌ ሳል ይልቅ አውቀዋለሁ። ሚስቱ መሐንዲስ ናት፤ የከተማው ውኃ መሥመር ሲፈነዳ የምትጠራው እሷ ናት። ቆንጆ ናት። ይህን ቀጭኔው ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም። ዳቦ ሻጩ «እንደምን አደርሽ» ካላት እንኳ ያ ረጅም አንገት በመስኮት ብቅ ይላል።

ባለፈው ሰሞን ይህ ሰው ቀልድ አቆመ። ቢነግሩት አይሰማም፣ ቢጠሩት አይዞርም። አንድ ረፋድ ላይ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ እኔ ገፋው።

«እትዬ፣ እስቲ ይቺን ስሚልኝ።»

«ምኗን?»

«ስሚ ብቻ።»

አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ስለ አሮጌ ቧንቧዎች ያወራል። ንግግሩን ገታ ሲያደርግ «እ!» የምትል አጭር ነገር ተከተለች። ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት፣ «አዎ፣ ልክ ነህ» ማለት የሆነችው «እ» ናት። ቀጥሎ የሴት ድምፅ መጣ። ወዲያው አወቅኳት። በየጠዋቱ ደረጃው ላይ «እትዬ፣ ደህና አደርሽ?» የምትለኝ ናት።

«አንተ! ይቺ ሚስትህ አይደለችም እንዴ?»

«ቀስ በይ እንጂ።»

«የምታውቁት ድምፅ ከመጣ ፋይሉን መልሱ ተብለን የለ? ያውም የገዛ ሚስትህን!»

«እመልሳለሁ አልኩሽ። በፊት ግን ያቺን ‹እ› ሰማሻት?»

«ሰማሁ። ታዲያስ?»

«ሰውዬው፣ ያ ሥራ አስኪያጇ፣ ባወራ ቁጥር አለች። እንዴት አድርጋ እንደምትስባት ልብ አልሽ? ስንተጫጭ ለእኔ ነበር እንደዚያ የምትለው። አሁን እኔ ሳወራ ‹እሺ› ብቻ ነው። በር እንደ መዝጋት ያለ እሺ።»

«የእሷ ናት ያለህ ማነው?»

«ማሽኑ ነዋ! ይኸው፣ ለተናጋሪ ሁለት ሰጥቷታል። የዘለላቸውንም እኔው እየለቀምኩላት ነው።»

አንድ በአንድ ነው የሚለቅመው። እህል የሚለቅም እንጂ ሚስቱን የሚከስ አይመስልም።

«ለእሷ ምን አልካት?»

«ሥራሽን ልቀቂ አልኳት። ትናንት።»

«እሷስ?»

«እሺ አለች። ዛሬ ከሰዓት ለሰውዬው እነግረዋለሁ አለች።»

 ያቺ ልጅ ያንን ሥራ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደተማረች ግድግዳችን ይመስክር፤ ጮክ ብላ ነበር የምታጠናው።

ስለ ማሽኑ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ማሽኑ ሰውን ከሰው የሚለየው በድምፁ መልክ ነው። ወደ ውስጥ የተሳበች ትንፋሽ ግን መልክ የላትም፤ አጭር ናት፣ ድምፅም እምብዛም የለባትም። ስለዚህ አንዳንዷን ዝምታ መስላው ያልፋታል፣ አንዳንዷን አጠገቧ ላገኘው ተናጋሪ ይወረውርለታል። ቀጭኔው ይህን ሁሉ ረስቶታል። ቅናት ትምህርት ቤት የገባ አይመስለኝም።

እያየሁት ሥራውን ቀጠለ። ስክሪኑ ላይ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ መሥመር አለው፤ ሰው የተናገረበት ቦታ በቀለም ይሞላል። ሁለት ሰው እኩል ካወራ ቀለሞቹ በየመሥመራቸው ከላይና ከታች ይቆማሉ። ሚስቱ «እሱ ቧንቧ እኮ ግፊቱን አይችለውም…» እያለች ረዘም አድርጋ የምታስረዳበት ቦታ ላይ ደረሰ። በወሬዋ መሀል ያቺ «እ!» ተሰማች። ወስዶ በሚስቱ መሥመር ላይ አኖራት። ቀይ በራ። ደገመ። ቀይ። የኮምፒውተሩን ማውስ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገው።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ ደግሞ?»

«ከቀዩ ሥር የተጻፈውን አንብበው እንጂ» አልኩት።

ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ በቃሉ የሚያስተምራት ሕግ ናት፦ አንድ ተናጋሪ በራሱ ላይ ሊደረብ አይችልም።

አነበባት። መልሶ አነበባት።

«እሷ ትንፋሽ እያወጣች ታወራለች፣ ይቺኛዋ ትንፋሽ እየሳበች ነው» አልኩት። «ባለ ሁለት አፍ ሴት ነው እንዴ ያገባኸው?»

ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለን፣ አንዱን ጆሮ እሱ አንዱን እኔ፣ ከመጀመሪያው ጀመርን። «እ»ዋ ከማይክሮፎኑ ሥር ናት፤ እሷ ከመሰማቷ በፊት እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጫር ይሰማል። ደግሞም ለሥራ አስኪያጁ ብቻ አልነበረችም። ለመሐንዲሷም «እ!»፣ ለሾፌሩም «እ!»፣ መስኮቱ ይዘጋ ላለውም «እ!»። ቀጭኔው ሰውዬው ሲያወራ ብቻ ነበር ጆሮውን ያቆመው። መጨረሻ ላይ አንድ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ «እንግዲህ የያዝኩትን ቃለ ጉባኤ ላንብብ» አለ። «አንብቡልን አባባ» ተባለ። «እ!» አለ ሽማግሌው።

እስኪያመኝ ሳቅሁ። «በል እንግዲህ፣ በሽማግሌው ቅና!»

እሱ አልሳቀም። ‹እ›ዎቹ ተለቅመው ከወጡ በኋላ የሚስቱ መሥመር ብቻውን ቀርቷል፤ ረጃጅም ቀለም ብቻ። «አይሆንም» ትላለች። «እንደሱ አይደለም» ትላለች። ሰውዬው ሊያቋርጣት ሲል «ቆይ፣ ልጨርስ» ትለዋለች። አንድም «እሺ» የለበትም።

«ትከራከረዋለች» አለኝ።

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«ከእኔ ጋር እኮ ተከራክራ አታውቅም፣ እትዬ።»

ታናሹ ቅናት ወጣ ስል ታላቁ ገባ። «ታዲያ እዚህ ተገትረህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «ከሰዓት እየደረሰ ነው።»

ተነሥቶ ፋይሉን ሥራችንን ለምታየው አራሚ መለሰ። «የምታውቀውን ድምፅ እስከ ዛሬ ይዘህ ቁጭ ትላለህ?» ብላ ቢሮው እየሰማ ልክ ልኩን ነገረችው። አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ ጨረሰና ለሚስቱ ስልክ ደወለ። አላነሣችም። በእነዚያ ረጃጅም እግሮቹ በሩን ሲወጣ ብቻ አየሁት።

ሲመሻሽ በረንዳ ላይ ልብስ ሳነሣ በመስኮታቸው በኩል ሰማኋቸው። ጆሮዬን አልለጠፍኩም፤ ጆሮዬ ግን እንደምታውቁት ሙያተኛ ነው።

«ያልኩሽን ተይው። ሥራሽን አትልቀቂ» አላት።

 «እሺ» አለች።

«እሺ አትበይኝ! ተከራከሪኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

«የፈለግሽውን። ስለ ቧንቧም ቢሆን።»

«አንተ፣ ዛሬ ምን ነካህ? አልለቅም ነበር እኮ። ትናንት እሺ ያልኩህ እንድትተኛ ብዬ ነው።»

 ከዚያ ጀመረች። ስለ ግፊቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ድርቅና፣ ስለ እሱ በመስኮት ብቅ ማለት፣ እስከ ዳቦ ሻጩ ድረስ። ምኑም አልቀረም። ከወሬዋ ሥር አልፎ አልፎ ወፍራም የወንድ ትንፋሽ ይሳባል። «እ!»

ባሌ ከውስጥ ሆኖ «ምን ይላሉ?» ብሎ ጮኸ።

«እሱ የእኛ ሥራ አይደለም» አልኩት፤ ልብሱንም ይዤ ገባሁ።